ያለቀሰች ባልደረባዬን ድንበር ሳላልፍ እንዴት ልርዳት?

ድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ በአንድ የጅምላ መደብር ሒሳብ ክፍል እሠራለሁ። በቅርቡ ኃላፊያችን አንዲት ገንዘብ ተቀባይ በደረሰኝ ላይ አንድ ዜሮ ስለጨመረች፣ ደንበኞች ተሰልፈው እያዩ «አንቺን ብሎ ገንዘብ ተቀባይ!» ብለው ጮኹባት። መጋዘን ገብታ ስታለቅስ ውኃ ይዤላት ሄድኩና «ልቀመጥ ወይስ ብቻሽን መሆን ትፈልጊያለሽ?» አልኳት። «ተቀመጪ፤ ግን ለማንም እንዳትነግሪ» አለችኝ።

አሁን ቡና ላይ ሁሉም «ምን ሆና ነው?» ይለኛል። «እሷን ጠይቋት» ብል ሁሉንም ወደ እሷ መላክ ይሆንብኛል፤ ዝም ብል ደግሞ ዝምታዬ ራሱ ወሬ ይሆናል። ኃላፊውን በግል ላነጋግራቸው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የ60 የሥራ ቀናት የሙከራ ጊዜዋን ስላልጨረሰችና በዚህ ጊዜ ማሰናበት ቀላል ስለሆነ፣ «ከስሳኛለች» ብለው እንዳይቀየሟት ፈራሁ። እሷ ሳትፈቅድ መናገሩም ልክ አይመስለኝም።

አቤቱታ ማቅረብ ብትፈልግ ብዬ፣ በዓይኔ ያየሁትንና በጆሮዬ የሰማሁትን ብቻ ከነቀኑ በግል ማስታወሻዬ ጽፌያለሁ። ይህን ልንገራት ወይስ እስክትጠይቀኝ ልጠብቅ? ብነግራት ክሰሺ ብዬ የምገፋፋት እንዳይመስላት ምን ብዬ ልጀምር? ለጠያቂዎቹስ በሩን የሚዘጋ፣ ግን የማያስቀይም ምን መልስ ትመክሩኛላችሁ?