የሶፋው ፎቶ የራሳቸው ሥራ ነው ወይስ ከኢንተርኔት የተወሰደ? ቀብድ ከመክፈሌ በፊት እርዱኝ

ሜሮን (ስታዲየም አካባቢ)
ሰላም ቤተሰብ። ቴሌግራም ላይ አንድ ኤል ሼፕ ሶፋ አይቼ ወደድኩት። ዋጋው 90 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ቀብድ ከከፈልኩ በሁለት ሳምንት ሠርተው ያደርሳሉ። ሱቃቸው ፒያሳ ነበር፣ አሁን በኮሪደር ልማቱ ስለተነሳ ያለን ወርክሾፕ ብቻ ነው አሉኝ። አራት ፎቶ ልከውልኛል። ሲበዛ ያምራሉ፣ እሱው ነው ያስጠረጠረኝ። ከሌላ ቦታ የተወሰዱ ወይም በኤአይ የተሠሩ መሆናቸውን በምን ላጣራ?

ቴዲ
ቀላል ነው። ጎግል ሌንስ ላይ ጫኚው። ሌላ ቦታ ከወጣ ሌቦች ናቸው። ካልወጣ የራሳቸው ነው፣ በሰላም ክፈዪ።

ዳዊት
ቴዲ፣ የመጀመሪያው ምክርህ ልክ ነው፣ ሁለተኛው ግን ሰው ያስበላል። በኤአይ የተሠራ ፎቶ ዛሬ ጠዋት የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፤ ከየትም ስላልተወሰደ ፍለጋው ምንም አያገኝም። ቴሌግራም ቻናል ውስጥ ብቻ የሚዞር ፎቶም ብዙ ጊዜ በፍለጋ አይወጣም። ስለዚህ ከተገኘ መረጃ ነው፣ ካልተገኘ ግን ገና ምንም አላወቅሽም።

ሜሪ፣ እንዲህ አድርጊ። ስክሪንሾት አታንሺ፣ ፎቶዎቹን ራሳቸውን ስልክሽ ላይ ሴቭ አድርጊ። ሌንስ ላይ ስትከፍቺ ክፈፉን ሶፋው ላይ ብቻ አጥብቢው። አለበለዚያ ምንጣፉን ወይም መብራቱን ይዞ ሌላ ነገር ያመጣልሻል። አራቱንም ለየብቻ ፈልጊ። ከዚያ tineye.com ላይ ጫኚና ውጤቱን በ Oldest ደርድሪው፤ ድረ ገጹ ፎቶውን ኢንተርኔት ላይ መጀመሪያ ያገኘበትን ቀን ያወጣልሻል። ምንም ካልመጣ ደግሞ ፎቶውን ግራና ቀኙን ገልብጠሽ እንደገና ሞክሪ። ፍለጋውን ለማምለጥ ገልብጠው የሚለጥፉ አሉ።

ወ/ሮ አልማዝ
ልጄ፣ እኔም እንዲሁ በፎቶ አይቼ አዝዤ ነበር። ሶፋው መጣ፣ ፎቶውንም ይመስላል። ስፖንጁ ግን ዓመት ሳይሞላው ተቀመጠ። ስንት ዴንሲቲ እንደሆነ ሳትጠይቂ እንዳትከፍዪ!

ዳዊት
እማማ አልማዝ፣ እውነት ብለዋል፤ እሱን ግን ፎቶ አያሳየንም። መጀመሪያ ሶፋው መኖሩን እንወቅ።

ሜሮን
ሞከርኩት። አንደኛው ፎቶ በቱርክኛ የተጻፈ የፈርኒቸር ድረ ገጽ ላይ ወጣ፣ ፒንተረስት ላይም ሞልቷል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ምንም የላቸውም። የሚገርመው ያው ክፍል፣ ያው ሶፋ ነው፤ ከሌላ ማዕዘን የተነሳ ነው የሚመስለው። አራተኛው ሱቅ ውስጥ ነው፣ ትንሽ ጨለም ያለ። ከመስታወቱ ውጪ መንገድ ይታያል።

ዳዊት
አንደኛውንና ሁለተኛውን ጎን ለጎን አድርጊና መቀመጫውን ቁጠሪ። እግሮቹንም ቁጠሪ። ኤሉ የሚታጠፍበት ጥግ ላይ ትራሶቹ በምን እንደሚለያዩ እዪ። ጠረጴዛው ላይ መጽሐፍ ካለ ጽሑፉን አጉልተሽ ለማንበብ ሞክሪ።

ሜሮን
ኧረ! አንደኛው ላይ መቀመጫው ሦስት ነው፣ ሁለተኛው ላይ አራት። ጥጉ ላይ ያለችው እግር ሁለተኛው ላይ የለችም። የመጽሐፉ ፊደል የየትም አገር ፊደል አይደለም።

ዳዊት
እንግዲያው አንደኛውን ለኤአይ ሰጥተው «ከጎን አሳየኝ» ያሉት ይመስለኛል። አሁን ይሄ በስልክ የሚሠራ ነገር ነው። ሌንስ ሁለተኛውን ያጣው ለዚያ ነው። አንዱን ፎቶ ለብቻው ብታዪው ላይነቃ ይችላል፤ የሚያጋልጣቸው ሁለቱን ማስተያየት ነው።

ቴዲ
ኤአይ መሆኑን የሚለይ ዌብሳይት አለ አይደል? እዚያ ብታስገባው ይለይላታል።

ዳዊት
አሉ፤ እኔ ግን ገንዘቤን በእነሱ ቃል አልሰጥም። ቴሌግራም ፎቶ ሲያስተላልፍ ይጨምቀዋል፣ ካሜራው የጻፈውን መረጃም ያጠፋዋል። ከዚያ በኋላ እውነተኛውን ኤአይ ነው፣ ኤአዩን እውነተኛ ነው የሚሉበት ጊዜ ብዙ ነው። አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። ጀርባው ብቻ ኤአይ ከሆነ ሌብነት አይደለም። ብዙ ሱቅ የራሱን ዕቃ አንስቶ የተዝረከረከውን ጀርባ በሚያምር ሳሎን ይቀይረዋል። እዚህ ግን ሶፋው ራሱ ነው የተቀየረው።

ሰለሞን ፈርኒቸር
እኔ ሶፋ ሠሪ ነኝ። እውነቱን ልንገርሽ እህቴ፣ የፒንተረስት ፎቶ የማይለጥፍ ቤት ትንሽ ነው። «እንደዚህ እንሠራለን» ብሎ ማሳየት አንድ ነገር ነው፣ «የሠራነው ነው» ማለት ሌላ ነው። በጽሑፍ ጠይቂያቸው፦ ከአራቱ የትኛው የእናንተ እጅ ሥራ ነው?

እኔ መጀመሪያ የማየው ስፌቱን ነው። የሶፋ ጨርቅ ጥቅል ወርዱ 1 ሜትር ከ40 አካባቢ ነው። ሦስት ሜትር መደገፊያ ያለ አንድ ስፌት ካየሁ እጠረጥራለሁ። ጨርቁን በርዝመቱ አጋድመው ከቆረጡት ግን ስፌት ላይኖረው ይችላል፣ ስለዚህ በእሱ ብቻ አትፍረጂ። የኤአይ ሶፋ ላይ ስፌቱ ከአንዱ ትራስ ተነስቶ መሃል ላይ ይጠፋል። እንደዚያ የሚሰፋ ሰው የለም።

ያቺ የጨለመችው አራተኛዋ ፎቶ ናት የእነሱ የምትመስለኝ። ሥራቸውን በእሷ መዝኚ።

ሜሮን
አራተኛው ላይ ሶፋው ቀጥ ያለ ነው፣ ኤል አይደለም። ጥጉም ትንሽ ተጨማዷል። በመስታወቱ የሚታየው የድሮው ፒያሳ ነው፣ አሁን የፈረሰው ሕንፃ በግልጽ ይታያል።

ዳዊት
ስለዚህ ፎቶው እውነት ቢሆንም የቆየ ነው። ፒያሳ ሱቅ ነበረን ማለታቸውን ግን ይደግፋል። ያ አካባቢ በ2016 ዓ.ም. ነው የፈረሰው። ሱቅ መነሳቱ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም፣ የእውነት የተነሳው ብዙ ነው።

አሁን አዲስ ፎቶ አስነሺያቸው። ስምሽን ወረቀት ላይ ጽፈው ቢልኩልሽ አይበቃም፣ ኤአይ ወረቀትም ይጨምራል። በቪዲዮ ይደውሉልሽ። ከበሩ ጀምረው ሳያቋርጡ እስከ አንድ ሶፋ ድረስ ይሂዱ፤ አንዱን መቀመጫ አንስተው ከሥሩ ያለውን ያሳዩሽ። ምን እንደምታስነሺ ቀድመሽ አትንገሪያቸው።

ሰለሞን ፈርኒቸር
ጨርቅ ያልለበሰ ፍሬም እንዲያሳዩሽም ጠይቂ። የሚሠራ ቤት ሁልጊዜ አንድ ሁለት ራቁቱን የቆመ እንጨት አያጣም።

ወ/ሮ አልማዝ
ስፖንጁንም ያን ጊዜ ይጫኑልሽ፣ ልጄ።

ሜሮን
ደወልኩ። «ኔትወርክ ስለሚያስቸግር ቪዲዮ አይሆንም» ብለው የፍሬም ፎቶ ላኩ። ሌንስ ላይ አልወጣም። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ አለ፣ የእውነት ነው የሚመስለው።

ቴዲ
በቃ፣ እውነተኛ ናቸው።

ሰለሞን ፈርኒቸር
እንጨቱ የእውነት ነው። የእነሱ ይሁን የጎረቤታቸው ግን ከፎቶው አላውቅም። ቀብዱን እዚያው ወርክሾፑ ላይ ቆመሽ ነው የምትከፍዪው፤ በደረሰኝ፣ መጠኑና የጨርቁ ዓይነት ተጽፎ።

ሜሮን
ልክ እንደዚያ አልኳቸው። «እሺ ቅዳሜ ነዪ» ብለዋል። ወንድሜ አብሮኝ ይሄዳል። ሎኬሽን ላኩልኝ ካልኳቸው ግን ሁለት ቀን ሆነው፣ እስካሁን አልላኩም።