የሥልጠና ማስታወሻዬን እንዴት ላሳጥረው?
ሰላም ለሁላችሁ። ለጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የክትባት አያያዝ ሥልጠና ሰጥተን ነበር። አሁን ዋና ዋና ስላይዶቹንና የተስማማንበትን በቴሌግራም ልልክላቸው ስል ተቸገርኩ። ፍሪጁ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይሁን፣ ጠዋትና ማታ ይመዝገብ የሚለው ቀላል ነው። ያስቸገረኝ የበረዶው ስላይድ ነው። ብልቃጡ ላይ ያለው ምልክት ሙቀትን እንጂ በረዶን አያሳይም። ፔንታቫለንት በረዶ ሆኖ ቢበላሽም ምልክቱ ደህና ይመስላል። ስለዚህ የተጠረጠረውን ሆን ተብሎ በረዶ ተደርጎ ከቀለጠ ተመሳሳይ ብልቃጥ ጋር ነቅንቆ፣ የትኛው ቶሎ እንደሚዘቅጥ ማየት ያስፈልጋል። ይህን በሁለት መስመር እንዴት ልጻፈው? ሌላው፣ ቅዳሜና እሁድም ይመዝገብ ብለን ተስማምተናል፤ ማን እንደሚመዘግብ ግን አልተባለም። እንዲሁ ልላከው ወይስ መጀመሪያ ለየጤና ጣቢያው ደውዬ ተረኛውን ላጣራ? እባካችሁ የምታውቁ ንገሩኝ።