ላፕቶፕ ወይስ ኪቦርድ ያለው ታብሌት? ለማስታወሻና ለአሳይመንት ብቻ

ሕሊና፦ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ፤ የሕዝብ ጤና ነው የምማረው። ሥራዬ ክፍል ውስጥ ማስታወሻ መያዝና አሳይመንት መጻፍ ነው። ጌም አልጫወትም፣ ቪዲዮ አላቀናብርም። መግዛት የምችለው አንድ ዕቃ ብቻ ነው። ላፕቶፕ ይሻለኛል ወይስ ኪቦርድ የሚገጠምለት ታብሌት?

ሰናይት፦ ታብሌት፣ ያለ ጥርጥር! ባዮሎጂ ሁለተኛ ዓመት ነኝ። መምህራችን ሰሌዳ ላይ ሴል ሲስሉ በብዕር አብሬ እስላለሁ፣ ቀስት አደርጋለሁ፣ ዳር ላይ ጥያቄዬን እጽፋለሁ። አጠገቤ ላፕቶፕ የያዘው ልጅ የሚሉትን ሁሉ እየተከተለ ሲተይብ ሥዕሉ ያመልጠዋል። ደግሞ ጥናት አለ፤ ሙለርና ኦፐንሃይመር በ2014 ያሳተሙት። በእጃቸው የጻፉ ተማሪዎች መረዳትን የሚፈትኑ ጥያቄዎችን ከተየቡት አብልጠው መልሰዋል። በእጅ መጻፍ እንደሚሻል ተረጋግጧል ማለት ነው።

ዮናስ፦ ሕሊና፣ እንዳትሸወጂ። ከ16 ጊጋ ራም በታች አትግዢ፣ ግራፊክስ ካርዱም ለብቻው ያለው ይሁን። እኔ አርክቴክቸር ነኝ፤ ሕንፃ የምንነድፍበት ሪቪት ደካማ ማሽን ላይ ሲከፈት ቀጥ ይላል።

ትዕግሥት፦ ዮናስ፣ እሷ እኮ ጽሑፍ ነው የምጽፈው ያለችው። ሪቪትን ምን አመጣው? ያንተ ዓይነቱን ማሽን ቀኑን ሙሉ ተሸክማ ልትዞር ነው?

መክብብ፦ እኔ የምሠራው ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። ተማሪዎች ጽሑፋቸውን ከማስረከባቸው በፊት የምንጭ አጠቃቀማቸውን እንዲያስተካክሉ አግዛለሁ።

ሰናይት፣ የ2014ቱን በትክክል ጠቅሰሻል፤ ነገሩ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። በ2019 ሞርሄድ፣ ደንሎስኪና ሮውሰን ሙከራውን ደግመውት በሁለቱ መካከል ወጥ የሆነ ልዩነት አላገኙም። የመጀመሪያው ጥናትም ያነጻጸረው ወረቀትን ከላፕቶፕ ጋር ነው፤ ታብሌት አልነበረበትም። ሥዕል ለሚበዛበት ትምህርት ብዕር እንደሚጠቅም ግን ያለ ጥናትም እቀበላለሁ።

ሕሊና፣ ማስታወሻውን በየትኛውም ትይዢዋለሽ። ልዩነቱ የሚወጣው አሳይመንቱ ሊያልቅ ሲል ነው። 12 ገጽ ጽፈሻል፣ 30 ምንጭ ተጠቅመሻል እንበል። በጤና ትምህርት ብዙ ጊዜ የሚሠራበት የቫንኩቨር ስልት ነው፤ ምንጮች በጽሑፉ ውስጥ በመጡበት ቅደም ተከተል ቁጥር ይሰጣቸዋል። መምህርሽ ረቂቁን አይተው «ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ማስረጃ ጨምሪ» አሉሽ። አዲሱ ምንጭ 4ኛ ሆኖ ሲገባ የድሮው 4 ወደ 5፣ 5ቱ ወደ 6 እያለ እስከ 31 ይሸጋሸጋል፤ በጽሑፉ ውስጥም፣ መጨረሻው ላይ ባለው ዝርዝርም። አንዱ ምንጭ ሦስት ቦታ ከተጠቀሰ ሦስቱም ቦታ ይቀየራል።

ላፕቶፕ ላይ ዎርድና ምንጮችን የሚይዝልሽ ዞቴሮ የሚባለው ፕሮግራም ካሉሽ ምንጩን ታስገቢያለሽ፣ ቁጥሮቹን እሱ ራሱ ያስተካክላል። አይፓድና አንድሮይድ ላይ ባለው ዎርድ ግን የዞቴሮ ማያያዣ አይገጠምም። በእጅ ሲቀየር ምን እንደሚመጣ በየሴሚስተሩ አያለሁ፦ ዝርዝሩ ላይ 17ኛው ምንጭ ስለ ወባ ሆኖ፣ ጽሑፉ ውስጥ [17] የተጻፈበት ዓረፍተ ነገር ስለ ክትባት ያወራል። ተማሪው ያላነበበውን የጠቀሰ ይመስላል። ለዚህ ነው ላፕቶፕ የምልሽ።

ሰናይት፦ ጋሽ መክብብ፣ ሜንዴሊ እኮ አይፓድ ላይ ባለው ዎርድ ይሠራል! እኔ የምጠቀመው እሱን ነው፤ ቁጥሩንም ያስተካክልልኛል።

መክብብ፦ ልክ ነሽ፣ እሱን መጥቀስ ነበረብኝ። አይፓድ ለሚገዛ ሰው ችግሩን በጣም ያቀለዋል። አንድሮይድ ታብሌት ለሚገዛ ግን መፍትሔ አይሆንም፤ ሕሊና ደግሞ የትኛውን እንዳሰበች አልነገረችንም።

ሕሊና፦ አንድሮይድ ነው ያየሁት፤ ስክሪኑ 11 ኢንች ነው።

መክብብ፦ እንግዲያው አንድ ነገር አስቀድመሽ ጠይቂ። ማይክሮሶፍት ዎርድን በነጻ ማረም የሚፈቅደው ስክሪናቸው ከ10.1 ኢንች ለማይበልጥ ዕቃዎች ነው። ባንቺ ታብሌት ላይ ያለ ክፍያ ፋይሉ ለንባብ ብቻ ይከፈታል። ዩኒቨርሲቲሽ ለተማሪዎቹ ፈቃድ የሚሰጥ ከሆነ ግን አያሳስብሽም።

ትዕግሥት፦ ሕግ ነው የምማረው፤ አንድሮይድ ታብሌት ይዤ ሦስተኛ ዓመት ደርሻለሁ። ማያያዣ እንደሌለው አውቄ ነው የገዛሁት። ስጽፍ ቁጥር ጨርሶ አላስገባም፤ የጸሐፊውን ስም፣ ዓመቱንና ገጹን በማዕዘን ቅንፍ አስቀምጬ ቢጫ እቀባዋለሁ። ጽሑፉ ሲያልቅ ላብራቶሪ ኮምፒውተር ላይ ተቀምጬ፣ ቢጫውን እየተከተልኩ እውነተኛውን ምንጭ በዞቴሮ አስገባለሁ። ለ30 ምንጭ አንድ ከሰዓት ይበቃል። በምላሹ ሙሉ ሴሚስተሩን ፒዲኤፍ እንደ መጽሐፍ ይዤ አነባለሁ፣ ከሥሩ አሰምርበታለሁ። የአሳይመንት ግማሹ ሥራ ንባብ ነው፤ እዚህ ማንም ያላነሳው እሱን ነው።

መክብብ፦ ይህ በጣም ደህና አሠራር ነው፤ ትዕግሥት የጠቀሰችው ኮምፒውተር ክፍት እስከሆነና ማስረከቢያው ቀን ወረፋ እስካልበዛበት ድረስ። አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር። በዞቴሮ ምንጭ ያስገባሽበትን ፋይል ወደ ጎግል ዶክስ ቀይረሽ ታብሌት ላይ ካረምሽው፣ ስትመልሺው ቁጥሮቹ ተራ ጽሑፍ ሆነው ልታገኚያቸው ትችያለሽ። ሲያዩት ምንም አልተለወጠም። የሚታወቀው ዎርድ ውስጥ ቁጥሩን ስትጫኚው ነው፦ ግራጫ ጥላ ከመጣ በሕይወት አለ፤ ካልመጣ ዞቴሮ ዳግመኛ አያውቀውም፣ ሁሉንም እንደገና ማስገባት ነው። ስለዚህ ምንጭ ከገባ በኋላ ፋይሉ ከዎርድ አይውጣ፤ ታብሌት ላይ ስታርሚም ቁጥሮቹን አትንኪ።

አቤል፦ የምትከራከሩት በቅርጽ ነው፤ ዋናው ያለው በሲስተሙ ላይ ነው። ዊንዶውስ ያለው ታብሌት አለ፣ እንደ ሰርፌስ ፕሮ። የላፕቶፑን ሙሉ ዎርድ ይጭናል፣ ዞቴሮም ይገጠምለታል፣ ብዕርም ይጻፍበታል። አለቀ!

ዮናስ፦ እሱን ጭን ላይ አስቀምጠህ ተይበህ ታውቃለህ? ኪቦርዱ ስስ ሽፋን ነው፣ ስክሪኑ ከኋላው በሚዘረጋ መደገፊያ ይቆማል። የአዳራሽ ወንበር ላይ የምትታጠፈዋ ጠባብ ጠረጴዛ አትበቃውም፤ ከላፕቶፕ የበለጠ ቦታ ወደ ኋላ ይፈልጋል። ኪቦርዱና ብዕሩም ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚሸጡት፤ ሦስቱን ስትደምር ደህና ላፕቶፕ ይገዛል።

ትዕግሥት፦ ዮናስ አሁን ጥሩ ነገር አነሳ። ሕሊና፣ ሻጩ ጋ ስትሄጂ ኪቦርዱን ጭንሽ ላይ አድርገሽ አንድ ሙሉ አንቀጽ ተይቢበት። ብሉቱዝ ከሆነ የራሱ ባትሪ እንዳለው አትርሺ፣ ክፍል መሃል ሊዘጋብሽ ይችላል። በማገናኛ ነጥብ የሚገጠመው ግን ኃይል የሚወስደው ከታብሌቱ ነው።

ሕሊና፦ ከፍተኛ ዓመት ላይ ኤስፒኤስኤስ የሚባል የስታቲስቲክስ ፕሮግራም እንደምንጠቀም ሰምቻለሁ። እሱስ?

መክብብ፦ እሱ ዊንዶውስና ማክ ላይ ነው የሚጫነው፤ ታብሌትሽ ላይ አይገባም። እኔ ላፕቶፕ በሚለው እንደጸናሁ ነኝ።

ትዕግሥት፦ ጋሽዬ፣ ኤስፒኤስኤስ የሚያስተምሩት እኮ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ለሁለት ወር ሥራ ብላ አራት ዓመት የሚያነበውን ዓይኗን ለምን ትጎዳለች? ሕሊና፣ የምትገቢበት ትምህርት ክፍል ላብራቶሪ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ ጠይቂና ንገሪን። ማታ ክፍት ከሆነ እኔ ታብሌት እላለሁ።