የሚስጥር ጥበቃ ውሉ እኔን ብቻ ያስራል፤ ምን ላስተካክል?

እባካችሁ እርዱኝ፤ ነገ የምፈርመው የሚስጥር ጥበቃ ውል አስጨንቆኛል። ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ። ደንበኛዬ የሽያጭ መረጃውን ያሳየኛል፤ እኔም ለዓመታት የሠራሁትን ኮድ አሳየዋለሁ። ውሉ ግን የሚያስረው እኔን ብቻ ነው። "መረጃ ሰጪ" እና "ተቀባይ" የሚሉት ቃላት ሁለታችንንም እንዲያካትቱ ባደርግ ይበቃል?

የባሰው ደግሞ ከሚስጥርነት ውጭ የሚሆነውን አይለይም። ለሕዝብ የወጣ፣ ቀድሞ የማውቀው፣ ከሌላ ሰው በሕጋዊ መንገድ ያገኘሁት፣ ለብቻዬ የሠራሁት፣ ሁሉም ሚስጥር ሊባል ነው። የድሮ ኮዴን ለሌላ ሥራ ብጠቀም የእኔ መሆኑን በምን ላስረዳ? ቀን ያለበት የኮድ መዝገብ አለኝ፤ ከውሉ ጋር ላያይዘው?

ጊዜውም "ለዘላለም" ይላል። ለተራ መረጃ 3 ዓመት፣ ለንግድ ሚስጥር ደግሞ ሚስጥርነቱ እስካለ ድረስ ልበል? 3 ዓመቱስ ከፊርማው ቀን ይቆጠር ወይስ መረጃው ከተሰጠበት?