ለአንድ የእንቅርት ምርመራ ሦስት ዋጋ፤ ጎንደር ውስጥ የቱን ልምረጥ?

የአዘዞዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ የእንቅርት መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ወር ሆናት። ሐኪሙ የታይሮይድ ምርመራ አሠርታችሁ ኑ ብሎ ወረቀት ሰጠን። ዋጋ ለማወዳደር ሦስት የግል ላብራቶሪ ዞርኩ። ማራኪ 600 ብር፣ ፒያሳ 950፣ ሆስፒታሉ አካባቢ ደግሞ 1,500 አሉኝ። ርካሹን ብንይዝ ችግር አለው?

ሹፌሩ፦
600ውን ያዢ እህቴ። ባለቤቴ ስንት ዓመቷ፣ ቲኤስኤች ብቻ ነው የምትሠራው። ሐኪሟም ይበቃል ብሏታል። ቲ ስሪ፣ ቲ ፎር የሚሉት ገንዘብ ለመሰብሰብ ነው።

ነጭ ጋዋን፦
ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ወንድሜ ሹፌሩ፣ ባለቤትህ የምትወስደው የሆርሞን መተኪያውን፣ ሌቮታይሮክሲን የሚባለውን ከሆነ ልክ ነህ። መጠኑ ከተስተካከለላት በኋላ ለክትትል ቲኤስኤች አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። ሆርሞን በዝቶበት ማውረጃ ለሚወስድ ሰው ግን አይሠራም። ቲ ስሪና ቲ ፎር ታይሮይዱ ራሱ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች ናቸው፤ ታይሮይዱን የሚያዘው ቲኤስኤች ግን ተጨቁኖ ይቆያል። ሰውየው እየተሻለውም ለወራት ዝቅ እንዳለ ሊቀር ይችላል። በእሱ ብቻ ከተሄደ መድኃኒቱ ሳያስፈልግ ሊጨመር ይችላል።

የአዘዞዋ፣ እናትሽ የሚወስዱት የትኛውን ነው? ደግሞ ሦስቱ ቤቶች ዋጋ ሲነግሩሽ ምን ምን እንደሚሠሩ ጠይቀሻል? እኛ ጋ ሰው መጥቶ "ታይሮይድ ስንት ነው?" ይላል። አንዱ ሠራተኛ የአንዱን ዋጋ ይነግረዋል፣ ሌላው የሦስቱን።

የአዘዞዋ፦
ማውረጃውን፣ ፒቲዩ የሚባለውን ነው የምትወስደው። እኔም "ታይሮይድ ስንት ነው" ብዬ ነው የጠየቅሁት፤ ወረቀቱን አላሳየሁም።

ነጭ ጋዋን፦
እንግዲያው ወረቀቱን ይዘሽ ተመለሺ። ሦስት ነገር ጠይቂ። የየአንዳንዱ ዋጋ ለብቻው ስንት ነው? ቲ ፎሩ "ፍሪ" ነው ወይስ ጠቅላላው? እዚሁ ይሠራል ወይስ አዲስ አበባ ይላካል? ፍሪው ሆርሞኑ ከፕሮቲን ጋር ሳይጣበቅ በደም ውስጥ የሚዞረው ነው። ጠቅላላው በእርግዝና ወይም በወሊድ መከላከያ ምክንያት ብቻ ከፍ ሊል ይችላል። ሁለቱ የተለያየ ምርመራ ስለሆኑ ዋጋቸውን ጎን ለጎን አታስቀምጪ።

እዚሁ የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ቲኤስኤች እስከ ስንት ዝቅ ብሎ እንደሚነበብ ጠይቂ። አንዳንድ ትንንሽ ማሽኖች ከ0.1 በታች አይለዩም። ውጤቱ ላይ "ከ0.1 በታች" ብለው ያልፋሉ። ዛሬ 0.01 ሆኖ በሚቀጥለው 0.08 ቢደርስ ለውጡ አይታይም።

ቀበሌ 16፦
እኔ እንኳ በላብራቶሪ ተስፋ ቆርጫለሁ። አንዱ ጋ ቲ ፎሬ 9.5 ነው አሉኝ። በሳምንቱ ሌላ ቦታ ብሠራ 122! ሁለቴ ከፍዬ የባሰ ተጨነቅሁ። አንደኛው ቤት ውሸታም ነው።

ነጭ ጋዋን፦
ወረቀቶቹን አውጥተህ ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ እስኪ እየው። አንዱ በማይክሮግራም፣ ሌላው በናኖሞል ጽፎት ይመስለኛል። ለጠቅላላው ቲ ፎር 9.5ን በ12.87 ብታባዛው 122 ገደማ ይመጣል። ከሆነ ያው አንድ ውጤት ነው። ከእያንዳንዱ ጎን የዚያ ቤት ጤነኛ ወሰን ተጽፏል፤ ቁጥሩን ከእሱ ጋር ነው ማስተያየት። ለዚህም ነው ክትትል ያለበት ሰው አንድ ቤት ቢይዝ የሚሻለው። በየጊዜው ርካሹን ፍለጋ ከቀያየርሽ ለውጡ የበሽታው ይሁን የማሽኑ አይታወቅም።

ቀበሌ 16፦
አየሁት፣ መለኪያው እውነትም የተለያየ ነው። ማንም አልነገረኝም እኮ።

እማማ ዘውዲቱ ሰፈር፦
የጤና መድን ደብተር ላለው ሰው ውጭ ያሠራውን ይመልሱለታል? እኔ ደረሰኝ አስቀምጫለሁ።

የአዘዞዋ፦
ዛሬ ወረቀቱን ይዤ ዞርኩ። ማራኪ ያለው 600 ለካ የቲኤስኤች ብቻ ነው። ፒያሳ 950ው ሦስቱንም ነው፤ ቲ ፎሩ ግን ጠቅላላው ነው፣ በዚያው ቀን ይደርሳል። 1,500ው ቲኤስኤች፣ ፍሪ ቲ ስሪ እና ፍሪ ቲ ፎር ነው፣ አዲስ አበባ ሄዶ በሦስተኛው ቀን ይመጣል። ነጠላ ዋጋ ስጠይቅ እያንዳንዱ 500 ነው አሉኝ። ሐኪሙ ጋ ደወልኩና "ለአሁኑ ቲኤስኤችና ፍሪ ቲ ፎር ይበቃኛል" አለ። 1,000 ብር ሆነ ማለት ነው። ከፒያሳው በ50 ብር ብቻ ይበልጣል።

ነገ ጠዋት እወስዳታለሁ። ሳትበላ ነው የምትሄደው?

ነጭ ጋዋን፦
ለዚህ ምርመራ መጾም አያስፈልግም፣ ቁርሳቸውን ይብሉ። ለፀጉርና ለጥፍር የሚወሰድ የባዮቲን ክኒን ካላቸው ግን ቢያንስ ሁለት ቀን አቁመው ይሂዱ፤ አንዳንድ ማሽን ላይ ውጤቱን ያዛባል። የመድንን ነገር የሚያውቅ ካለ ለእህታችን ይመልስላት።

የአዘዞዋ፦
ባዮቲን የለባትም። እግዜር ይስጥልኝ። ውጤቱ ሐሙስ ነው፣ የድሮውንም ወረቀት አያይዤ እወስድለታለሁ።