ጥቆማ፦ የጾም ቀናትን ያካተተ የሳምንት የምግብ ሠንጠረዥና የግዢ መጠን

ጠያቂ፦ ቤተሰባችን አምስት ሲሆን ረቡዕና ዓርብ እንጾማለን። የሳምንቱን ራት በአንድ ግዢ ለመጨረስ የሚያስችል ሠንጠረዥ ያላችሁ ብታካፍሉኝ፣ ሽሮና ሽንኩርትም ከሱፐርማርኬት፣ ከእሁድ ገበያ ወይስ ከጉልት ቢገዙ እንደሚሻል ብትጠቁሙኝ አመሰግናለሁ።

መልስ 1፦ እህቴ፣ እኔ የምጠቀምበት ይህ ነው።

| ቀን | ራት | ለአምስት ሰው |
|---|---|---|
| ሰኞ | ድንች በካሮት አልጫ | ድንች 1.5 ኪሎ፣ ካሮት ግማሽ ኪሎ |
| ማክሰኞ | እንቁላል ፍርፍር | እንቁላል 10 |
| ረቡዕ (ጾም) | ምስር ወጥ | ምስር ክክ ግማሽ ኪሎ |
| ሐሙስ | ሥጋ ወጥ | ሥጋ 1 ኪሎ |
| ዓርብ (ጾም) | ሽሮ ወጥ | ሽሮ ሩብ ኪሎ |
| ቅዳሜ | ጎመን በሥጋ | ጎመን 2 እስር፣ ሥጋ ግማሽ ኪሎ |
| እሁድ | ፓስታ በቲማቲም | ፓስታ 1 ኪሎ፣ ቲማቲም 1 ኪሎ |

ሥራውን የሚያቀለው ቁሌቱ ነው። ማክሰኞ ማታ ሁለት ኪሎ ቀይ ሽንኩርት በዘይት ብቻ አቁላልተው ለረቡዕ፣ ለሐሙስና ለዓርብ ይከፋፍሉታል፤ ቅቤው ሐሙስ፣ በሐሙስ ድስት ውስጥ ብቻ ይገባል። ሽንኩርቱ ውኃውን ጨርሶ ዘይቱ ወደ ዳር ሲወጣ ደርሷል፤ ውኃ እንደያዘ ከተቀመጠ ግን ፍሪጅ ውስጥም ሆኖ እስከ ዓርብ ይጎመዝዛል። ሽንኩርትና ድንች ስለሚቆዩ ከእሁድ ገበያ በብዛት ይግዙ፤ ቅርፊቱ ደረቅ የሆነውን፣ አንገቱ ያልለሰለሰውን ይምረጡ። ጎመንና ቲማቲም ግን በዕለቱ ከጉልት ቢገዙ ይሻላል።

መልስ 2፦ ረቡዕና ዓርብ ዓመቱን ሙሉ ስለሚጾሙ ሠንጠረዡ አንዴ ከተሠራ አይነካም። ሽሮውን ደግሞ የታሸገውን ምጥን ይግዙ፤ ከወፍጮ ቤት ጣጣ ያድናል።

መልስ 1፦ ከፋሲካ በኋላ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በዓለ ሃምሳ ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፣ በዚያ ወቅት ሠንጠረዡ ይለወጣል። በዐቢይ ጾም ደግሞ ሐሙስም፣ እንቁላሉም፣ የቅዳሜ ሥጋም ይወጣሉ። የታሸገው ምጥን ሽሮ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን በርበሬና ቅመም ስላለበት በበርበሬ በተቁላላ ሽንኩርት ላይ ሲጨመር ያቃጥላል። ስለዚህ የዓርብን ድርሻ በርበሬ ከመጨመርዎ በፊት ይለዩት። እኔ የራሴን አስፈጭቼ ማስቀመጥ እመርጣለሁ፤ ጊዜ ለሌለው ግን የታሸገውም ይበቃል።

መልስ 3፦ የእኔ ልጆች ሽሮ ከቀረበ ሳህኑን ገፋ ያደርጉታል። እኛ ዓርብ ዓሣ ጠብሰን እንበላለን፤ ለምን እናንተ አላስገባችሁትም?

መልስ 2፦ ዓሣ በጾም ይፈቀዳል።

መልስ 1፦ በዚህ ላይ ምእመናን አንድ አይደሉም፤ እኔም አልበላም። ለልጆች ከሆነ የምስሩን መጠን ሳይቀንሱ ዓርብ ላይ ድንች ወጥ ይተኩ።

ጠያቂ፦ ቁሌቱን በዚህ ሳምንት እሞክራለሁ፤ የዓሣውን ነገር ደግሞ የንስሐ አባቴን እጠይቃለሁ። እንጀራውንስ በአንዴ ልግዛ?

መልስ 1፦ አይሆንም። ከሦስት ቀን በኋላ ሊሻግት ስለሚችል ሰኞና ሐሙስ ከፍለው ይግዙ።