አለቃዬ ጥብቅ ናት ወይስ እየበደለችኝ ነው?

ወለላ (ሜሪላንድ)
ሰላም ለሁላችሁ። ነርሲንግ ሆም ውስጥ ሲኤንኤ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስምንት ወሬ ነው። የከሰዓት ሺፍት ነኝ። አለቃችን አምስት ደቂቃ ከዘገየሁ ትጽፍብኛለች። ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት የማገላብጥበት ሰዓት አልፎብኝ ሰው ፊት ጮኸችብኝ። ብሬክ ሳልወጣ ደግሞ የብሬኩ ግማሽ ሰዓት ከደሞዜ ይቆረጣል። እያለቀስኩ ነው ወደ ቤት የምነዳው። ይህ ጥብቅነት ነው ወይስ በደል? ልልቀቅ እንዴ?

የዳላሱ
እህቴ፣ እዚህ አገር ሠራተኛ ላይ መጮህ ክልክል ነው። ጠበቃ ያዢና ክሰሻት።

ሲስተር መ.
ወንድሜ፣ መጮህ ብቻውን አያስከስስም። በዘሯ፣ በሃይማኖቷ፣ በትውልድ አገሯ ወይም በሴትነቷ ምክንያት ከሆነ ነው ጉዳዩ ሌላ የሚሆነው።

ወለላ፣ እኔ 14 ዓመት ነርስ ነኝ፣ ሺፍትም መርቻለሁ። ማገላበጡን ለብቻው እንየው። ራሱን ማዞር የማይችል ሰው በአንድ ጎኑ ብዙ ሲቆይ ዳሌውና ተረከዙ ይቀላል፣ ከዚያ ይቆስላል። ቁስሉ ወራት ሊፈጅ ይችላል። እኔም ብሆን እቆጣሽ ነበር፣ ግን በር ዘግቼ። የዘገየ ሁሉ ይጻፍበታል ወይስ አንቺ ብቻ ነሽ? በሁሉም ላይ ከሆነ ጥብቅ ናት።

የብሬኩ ነገር ግን ጠባይ ብቻ አይደለም። ግማሽ ሰዓቱ ሊቆረጥ የሚችለው ከሥራ ሙሉ በሙሉ ነፃ ከሆንሽ ነው። ምግብሽን ትተሽ የታማሚ ጥሪ ልትመልሺ ከተነሳሽ የሥራ ሰዓት ነው። በሳምንት ሦስት ቀን እንዲህ ይሆናል እንበል። አንድ ሰዓት ተኩል ማለት ነው። 40 ሰዓት ሞልተሽ ከሆነ ይህ ኦቨርታይም ነው። በሰዓት 20 ዶላር ከሆነ በ30 ይታሰባል፣ በሳምንት 45 ዶላር። በስድስት ወር 1,170 ዶላር ይሆናል።

ብዙ ቦታ ብሬክ ላልወጣ ሰው የሚሞላ ቅጽ አለ። ጠይቂና ሙዪ፣ በስልክሽም ፎቶ አንሺው። ጥብቅ አለቃ ፊቷን ብታጠቁርም ትፈርማለች። በዳይዋ ግን ያኔ ትለያለች።

እትዬ ሰ.
ልጆቼ፣ እኔ ቤሩት ሰባት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። ፓስፖርቴን ማዳም ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ይዛው ነበር። የአምስት ወር ደሞዝ ቀርቶብኛል። ወለላ፣ አንቺ ማታ ቤትሽ ትገቢያለሽ። ቻይው።

ሲስተር መ.
እትዬ፣ የእርስዎ ግፍ ከባድ ነው። ግን የእርስዎ ስለባሰ የእሷ ልክ አይሆንም።

ጋሻው 22
ሁላችሁም ቀላል አድርጋችሁታል። እኔ በየወሩ ለእናቴ 300 ዶላር እልካለሁ፣ የታናሼ የኮሌጅ ክፍያም አለ። ሥራ ያጣሁ ወር እዚያ የሚጠብቀኝ አለ። ወለላም እንደኔ ከሆነች ቅጽ ሙዪ ማለት በእሳት ተጫወቺ ማለት ነው። እናቴ ደውላ «ድምፅህ ከስቷል» ስትለኝ እንኳ ደህና ነኝ ነው የምላት።

ወለላ (ሜሪላንድ)
ቅጹን ዛሬ ጠየቅኳት። «እኛ እዚህ አንጠቀምበትም» አለችኝ። ቀጥላ «ዎርክ ፐርሚትሽ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለችኝ። የአሳይለም ጉዳዬ ገና አልተወሰነም። እጄ ተንቀጠቀጠ።

የዳላሱ
ይኸው! ማስፈራሪያ ነው።

ጋሻው 22
እኔንም ጠይቀውኛል፣ ሊያልቅ ሲል አዲሱን አምጣ ይላሉ። የተለመደ ነው።

ሲስተር መ.
ሁለታችሁም ትክክል ልትሆኑ ትችላላችሁ። ፐርሚት ሊያልቅ ሲል የሰው ኃይል ክፍሉ ይጠይቃል፣ መጠየቅም አለበት። የሺፍት አለቃ ግን ደሞዝ ለጠየቀች ሴት መልስ አድርጋ ስታነሳው አልወደድኩትም። ወለላ፣ አሁኑኑ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቃል በቃል ያለችሽን፣ ማን እንደሰማ ጻፊ። ብሬክ ያልወጣሽባቸውን ቀናትም ቤት ባለ ደብተር ላይ፣ የሥራ ቦታ ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን። ያልተከፈለሽን ለመጠየቅ በፌደራል ሕግ ሁለት ዓመት አለሽ፣ ሆን ብለው ከሆነ ሦስት። የሠራተኛ ሚኒስቴሩ የደሞዝና የሥራ ሰዓት ክፍል ስልክ 1-866-487-9243 ነው። ደሞዙን በተመለከተ ሕጉ ወረቀት ያለውንም የሌለውንም ይሸፍናል።

ጋሻው 22
ሕጉ ይሸፍናል። በዚህ ሰዓት ወረቀቱ በእጁ ያልገባ ሰው ግን መንግሥት ቤት ደውሎ ስሙን ይሰጣል? አንቺ ዜጋ ነሽ፣ ሲስተር።

ሲስተር መ.
አዎ፣ ነኝ። ፍርሃቱን አልክድም። ለዚህ ነው መጀመሪያ የአሳይለም ጠበቃዋን ታማክር የምለው። ደብተሩን ለመጀመር ግን የማንም ፈቃድ አያስፈልጋትም።

እትዬ ሰ.
ወለላዬ፣ ቅድም ቻይው ያልኩሽን ተይው። እኔም ያኔ የሚጽፍልኝ ሰው ቢኖር ኖሮ። የት ሰፈር ነሽ? እሁድ ቤቴ ነይ፣ ሽሮ እሠራለሁ።

ወለላ (ሜሪላንድ)
ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ እትዬ፣ እመጣለሁ። የዛሬውን ጽፌያለሁ፣ 9:40 ላይ ነበር። መልቀቁን ገና አልወሰንኩም።